የእኔ ዙር ስንት ደቂቃ ነው?

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር ላይ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለወላጆችም ያደረግሁት ንግግር ነው። ጻፍልን ስላላችሁኝ እንደተናገርሁት አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ?

ወላጆች፣ በቅዳሜ ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከአዘዞ ድረስ በባጃጅ የመጣችሁም አላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ።

በጥያቄ ልጀምር። ትናንት ማታ ያጠና እጁን ያውጣ። ጎበዞች! ስንት ሰዓት አጠናችሁ? ሁለት ሰዓት? ሦስት ሰዓት? እሺ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ ልባችሁ መጽሐፉ ላይ የነበረው ስንቱን ነው?

ዝም አላችሁ። እኔም ለብዙ ጊዜ መልሱን አላውቀውም ነበር።

አንደኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለሒሳብ ፈተና ከማታው 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሳልነሳ ተቀመጥሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ። ውሃ እንኳ አልጠጣሁም። ጠዋት ፈተናው ሲመጣ ካነበብሁት የምጽፈው አጣሁ። በኋላ ደብተሬን ከፍቼ ሳየው አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ሦስት ጊዜ! ስጽፈው አላወቅሁም። ዓይኔ ያነባል፣ እጄ ይጽፋል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሳትነሱ ስንት ደቂቃ ማጥናት እንደምትችሉ እንዴት ትለካላችሁ። ሁለተኛ፣ ዕረፍቱ ስንት ደቂቃ ይሁን፣ ምንስ ይሠራበት። ሦስተኛ፣ ሁለቱን አንድ ማታ ላይ እንዴት ታሰናዷቸዋላችሁ። ብዙውን ጊዜ የምቆየው የመጀመሪያው ላይ ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ይበላሻልና።

ሳትነሱ የምታጠኑበትን ጊዜ «ዙር» እንበለው። ዙሩ ስንት ደቂቃ ይሁን? ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ 25 ይላችኋል። 25 ደቂቃ ጥናት፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ይህ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ ነበር። ማጥናት አቃተው። አንዲት የወጥ ቤት የደቂቃ መቁጠሪያ አነሣ። ቅርጿ ቲማቲም ነው። እሷን እየሞላ ማጥናት ጀመረ። ቲማቲም በጣሊያንኛ ፖሞዶሮ ስለሚባል የዘዴው ስም ፖሞዶሮ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ልብ በሉ። ሰውየው በመጀመሪያ ራሱን የጠየቀው 10 ደቂቃ እንኳ ከልቤ ማጥናት እችል ይሆን ብሎ ነው። 25 ላይ የደረሰው እየሞከረ ነው። ቁጥሩን ከእሱ ከምትወስዱ ሙከራውን ውሰዱ።

ሌላም ትሰማላችሁ። 90 ደቂቃ የሚሉ አሉ። እሱ የመጣው ናትናኤል ክላይትማን ከተባለ የእንቅልፍ ተመራማሪ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ እንቅልፉ በግምት በየ90 ደቂቃው እየዞረ ይመላለሳል። ቀን ላይም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ገመተ። የእንቅልፉ ነገር የታወቀ ነው። ነቅቶ ለሚያጠና ሰው ግን 90 ደቂቃ ልክ ነው የሚል የጸና ማስረጃ የለም። ልጃችሁን 90 ደቂቃ አስቀምጡት የሚላችሁን አትስሙ።

ታዲያ የራሳችንን እንዴት እንወቅ? በወረቀት። ሌላ ምንም አያስፈልግም። አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ሰዓት።

እንዲህ ነው። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ የትምህርቱን ዓይነትና የጀመራችሁበትን ሰዓት ጻፉ። አላርም አትሙሉ። አላርም ከሞላችሁ የምትለኩት አላርሙን ነው። ማጥናት ጀምሩ። ልባችሁ ሲሸሽ፣ ወይም ሸሽቶ እንደነበር ሲገባችሁ፣ ወረቀቱ ላይ አንዲት ሰረዝ አድርጉና ተመለሱ። ራሳችሁን አትቆጡ። ሰረዝ ብቻ። የመጀመሪያዋ ሰረዝ ብዙ አያሳስብም፤ ማንም ሰው አንዴ ይሸሻል። ሰረዞቹ ተከታትለው መምጣት ሲጀምሩ ግን፣ ማለትም በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ሲደርሱ፣ ሰዓቱን ጻፉና ተነሡ። ከጀመራችሁበት እስከዚያ ድረስ ያለው ደቂቃ የዚያ ቀን ልካችሁ ነው።

ይህንን አምስት ቀን አድርጉት። አምስት ቁጥር ይኖራችኋል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩና መካከለኛውን ውሰዱ። ትልቁን አትውሰዱ! አደራ፣ ትልቁን አትውሰዱ። ሁላችንም ልባችን የሚሄደው ወደ ትልቁ ነው። ትልቁ ግን ጥሩ የተኛችሁበት፣ ጥሩ የበላችሁበት፣ ቤቱ ጸጥ ያለበት አንድ ቀን ነው። ዕቅድ የሚሠራው ለዘወትር ቀን ነው። ከመካከለኛውም ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀንሱለት። ለምን ብትሉ፣ ልባችሁ ከመድከሙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ከተነሣችሁ ስትመለሱ መጽሐፉ አያስጠላችሁም። ድክም ብሏችሁ ከተነሣችሁ ግን ወንበሩ ራሱ ያስጠላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህ ለወላጆችም ነው። ከሰረዟ ጎን አንዲት ፊደል ጻፉ። ስልክ ከሆነ «ስ»። ረሃብ ወይም እንቅልፍ ከሆነ «ረ»። ያልገባችሁ ቃል ከሆነ «ቃ»። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ወረቀቱን አምጥቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ እኔ ሰባት ደቂቃም አልቆይም፤ አእምሮዬ ችግር አለበት» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ወረቀቱን አየሁት። ሰረዞቹ ሁሉ ማለት ይቻላል «ቃ» ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉ አይገባውም፣ ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋዋል፣ ልቡ ይሄዳል። የዚህ ልጅ ችግር የዙር ርዝመት ነው? አይደለም። ለእሱ የሰጠሁት ምክር ሌላ ነው። ማጥናት ከመጀመርህ በፊት የሚቀጥሉትን ሁለት ገጾች ዓይተህ የማታውቃቸውን ቃላት አውጣና ትርጉማቸውን ጻፍ፤ ከዚያ አንብብ አልሁት። በሁለተኛው ሳምንት 16 ደረሰ። ፊደሏን ባይጽፍ ኖሮ ዙሩን አሳጥሮ አሳጥሮ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ማን እንደሆነ አልናገርም።

ስለ ልኬቱ ይህን ካልሁ ወደ አንዲት ልጅ ልውሰዳችሁ። የእህቴ ልጅ ናት። 12ኛ ክፍል፣ ተፈጥሮ ሳይንስ። አባቷ ጥናት ማለት አለመነሣት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ልጁን ይወዳታል፤ ከፍቅር ነው። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ሳትነሣ እንድትቀመጥ ያደርጋት ነበር። አንድ ቀን ሄጄ ባዮሎጂ ስታነብ አገኘኋት። ስትጨርስ «ስንት ገጽ አነበብሽ?» አልኋት። «ዘጠኝ» አለች። «መጽሐፉን ዝጊና የምታስታውሺውን ጻፊ» አልኋት። የጻፈችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የለም።

ይህ አይግረማችሁ። በ1948፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሰዎችን የግድግዳ ሰዓት የሚመስል ነገር ፊት አስቀመጠ። ቆጣሪው ደረጃ በደረጃ ይዘላል። አልፎ አልፎ ድርብ ይዘላል። ሥራቸው ያንን ድርብ ዝላይ ማየት ብቻ ነው፤ ለሁለት ሰዓት። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ የሚያመልጣቸው በዛ። በእርግጥ ቆጣሪ ማየትና ማጥናት አንድ አይደሉም። ጥናት ራሱ ሰውን ያነቃል፤ በተለይ እጅ ከሠራ። ግን ዝም ብሎ መጽሐፍ ላይ ማፍጠጥ ከዚያ ሥራ ብዙም አይርቅም።

ልጅቱን በሁለት ትምህርት አስለካኋት። ባዮሎጂ ስታነብ አምስቱ ቀን 14፣ 22፣ 18፣ 25፣ 19 ደቂቃ መጣ። ሲደረደር 14፣ 18፣ 19፣ 22፣ 25። መካከለኛው 19። ፊዚክስ ጥያቄ ስትሠራ ደግሞ መካከለኛው 33 ሆነ። አያችሁ? አንድ ልጅ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ልክ። ስትሠራ ትቆያለች፤ ስታነብ አትቆይም። ብዙ ልጆች ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ለፊዚክስ 30፣ ለባዮሎጂ 17 ደቂቃ ያዝን።

ለምን ሁሉንም 17 አናደርገውም? ጥሩ ጥያቄ ነው። ፊዚክስ ላይ ጥያቄውን አንብቦ፣ ሥዕሉን ሥሎ፣ የተሰጠውን ጽፎ ለመግባት ብቻ አምስት ስድስት ደቂቃ ይሄዳል። በ17 ደቂቃ ብታቋርጣት ገና ልቧ ሲገባበት ነው የምታስነሣት። ዙር ሲያጥርባችሁ ምልክቱ ይህ ነው። አላርሙ በጮኸ ቁጥር ሥራው መሀል ላይ ናችሁ፤ ስትመለሱም ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ሲረዝምባችሁ ምልክቱ ሌላ ነው። አንዱን አንቀጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ታነባላችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ሦስት ጊዜ ትገለብጣላችሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ዕረፍት።

መነሻው የዙሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሁን። ለ30 ደቂቃ 6፣ ለ17 ደቂቃ 4። ይህ ሕግ አይደለም፤ መነሻ ነው። ልክ መሆኑን የምታውቁት በሁለት ነገር ነው። ከዕረፍት ተመልሳችሁ ከተቀመጣችሁበት እስከ መጀመሪያዋ የጻፋችኋት መስመር ስንት ደቂቃ ሄደ? ከሦስት ካለፈ ዕረፍቱ ረዝሟል፤ ወይም በዕረፍቱ የሠራችሁት ነገር ልባችሁን ይዞ አስቀርቷል። ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ዙር ሰረዞች ከመጀመሪያው በጣም ቀድመው መጡ? እንግዲያው ዕረፍቱ አጥሯል። አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።

ምን ይሠራበት? ተነሡ። ውሃ ጠጡ። በረንዳ ውጡና ራቅ ያለ ነገር እዩ። ስልክ? ልጆች፣ ስለ ስልክ አልቆጣችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ቲክቶክ ከፍቶ በ4 ደቂቃ የዘጋ ማን አለ? እጃችሁን አውጡ። አዎ። ደግሞ ብትዘጉትም ያያችሁት ነገር ከእናንተ ጋር ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ ደቂቃውን በምን እንቁጠር ካላችሁ፣ የግድግዳ ሰዓት አለ። የእናታችሁ ባለ ቁልፍ ስልክም አላርም አለው። የእህቴ ልጅ የምትጠቀመው የእናቷን ነው። የራሷ ስልክ ሳሎን ቡፌው ላይ ይቀመጣል።

ከመነሣታችሁ በፊት ግን አንድ መስመር ጻፉ። «ቀጥሎ ጥያቄ 7፤ ፍጥነቱን አግኝቻለሁ፣ የቀረው ጊዜው ነው» በሉ። ስትመለሱ ከየት ልጀምር እያላችሁ አታፈላልጉም። ይህች አንዲት መስመር የዕረፍቱን ግማሽ ታድናለች።

ሦስተኛው፣ ማታው። የእህቴን ልጅ ማታ ደቂቃ በደቂቃ ልንገራችሁ፤ ጻፉት።

1፡00 ፊዚክስ ትጀምራለች። 1፡30 ትነሣለች። 1፡36 ትመለሳለች፤ 2፡06 ፊዚክስ ያበቃል። ከዚያ ረጅም ዕረፍት አለ፣ 20 ደቂቃ። 2፡26 ባዮሎጂ። እስከ 2፡43፣ ከዚያ 4 ደቂቃ ዕረፍት። ከ2፡47 እስከ 3፡04፣ እንደገና 4 ደቂቃ። ከ3፡08 እስከ 3፡25። የቀረው 5 ደቂቃ ደግሞ ነገ ከየት እንደምትጀምር ትጽፍበታለች። 3፡30 ላይ መጽሐፉ ይዘጋል።

ከባዱ ትምህርት ለምን ቀደመ? ገና ሳትደክም ስለሆነ። አጭሩ ዙር ለምን ወደ መጨረሻ ሄደ? እየመሸ ሲሄድ ልክ ያጥራልና።

አባቷ ወረቀቱን ሲያይ ደነገጠ። ደመረው። «ከ150 ደቂቃ ውስጥ 111ዱን ብቻ ነው የምታጠናው! 39ኙ የት ገባ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ድምሩ ልክ ነው። እኔም «ድሮስ ስንቱን ነበር?» አልሁት። ሁለት ሳምንት ታገሠኝ አልሁት። በሁለተኛው ሳምንት ራሱ መጽሐፉን ይዞ ጠየቃት። ሦስቱን የባዮሎጂ ዙር ከነሥዕሉ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ በ1፡30 ውሃ የሚያቀርብላት እሱ ነው።

ያ የ20 ደቂቃ ዕረፍት ግን ጣጣ ነበረው። ቡናው! ቤታቸው ቡና የሚፈላው ማታ ነው። የእኛን ቡና ታውቁታላችሁ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ሦስቱን ጠጥቶ፣ መርቆ ለመነሣት አንድ ሰዓት አይበቃም። ልጅቱ አቦል ላይ ብትነሣ ነውር መሰላት፣ በረካ ድረስ ብትቀመጥ ባዮሎጂ ቀረ። ከእናቷ ጋር ተነጋገርን። እናት ቡናውን ቀደም ብላ ትቆላለች፤ አቦሉ የሚቀዳው 2፡06 ላይ ሆነ። ልጅቱ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣ ቆሎዋን ትበላለች፣ ትጫወታለች፤ ቡናውን ግን አትጠጣም። በዚያ ሰዓት የተጠጣ ቡና እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ በማግስቱ 17ቱንም አይቆይም። እናቶች፣ እባካችሁ፣ ልጃችሁ 2፡26 ላይ ስትነሣ «ምነው በረካውን ጥላ» አትበሏት። መርቃችሁ ሸኟት።

ከመካከላችሁ ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ደርሶኛል። የመጀመሪያው «መብራት ቢጠፋስ?» ይላል። ይጠፋል፤ እናውቀዋለን። እዚሁ ጎንደር የቆሎ ተማሪው ማታ ማታ እንዴት ይማር ነበር? የቃል ትምህርት ነዋ! መጽሐፍ በማይታይበት ጨለማ፣ ቀን የተቀበለውን በቃሉ ይወጣዋል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ ከመሯሯጣችሁ በፊት እዚያው ተቀምጣችሁ ያን ዙር ያነበባችሁትን በቃላችሁ በሉት። የጠፋባችሁን ቦታ መብራት ሲመጣ ታዩታላችሁ። ዙሩ አልተቋረጠም፤ ዓይነቱ ተለወጠ እንጂ።

ሁለተኛው፣ «ፈተናው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ አለብን፤ በ17 ደቂቃ ከለመድን እንዴት እንሆናለን?» ይላል። ይህ የተገባ ስጋት ነው። አዲስ ነገር መማርና የተማሩትን መፈተን ግን የተለያየ ሥራ ነው። ፈተና ላይ ጥያቄው በየደቂቃው ይለዋወጣል፤ እሱ ራሱ ያነቃችኋል። ቢሆንም መቀመጡን መልመድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ የአንድ ትምህርት የቆየ ፈተና ሙሉውን ሰዓት ሳትነሡ ሥሩ። ያ ለብቻው ነው። የማታውን ዙር አትንኩበት።

ዙሩ ይርዘምልኝ የምትሉ፣ እንዲህ አድርጉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰረዞቹ ሳይከታተሉ አላርሙ ከጮኸ ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። ሦስት ብቻ። ሰረዞቹ ከተመለሱ መልሳችሁ ቀንሱ። የፈተና ሳምንት ላይ ግን ምንም አትለውጡ። የእህቴ ልጅ ባዮሎጂ ላይ አሁን 23 ደርሳለች፤ ፊዚክሱ ግን 30 ላይ ቆሟል፤ 33 ሞክረን እንቢ አላት። ይቁም።

የሰረዙን ወረቀት አባዝቼ አምጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ለያንዳንዳችሁ አምስት አምስት፣ የአምስት ቀን ነው። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ሰኞ ማታ ጀምሩ። በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በዚሁ ሰዓት እዚሁ እሆናለሁ። አምስቱን ይዛችሁ ኑ፤ መካከለኛውን አብረን እናወጣለን።

እግዜር ይስጥልኝ።